የጥምቀት መልካም ምኞት ስር ቅናሽ ሲገባ፦ ከባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ማረፊያዎች የተወሰደ የአጻጻፍ ተሞክሮ

ጥር ሲገባ ባሕር ዳር ውስጥ የማረፊያ ቤት ገጽ የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ይደርሰዋል። ባለቤቱ ፎቶ ይልካል፣ ከስሩ ደግሞ «እንኳን አደረሳችሁ በልና ቅናሹን ጨምርበት» የሚል መልእክት አለ። ቀላል ሥራ ይመስላል። የሚወጣው ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«እንኳን ለጥምቀት በዓል አደረሳችሁ አደረሰን!!! በዚህ ታላቅ በዓል በ30 ፐርሰንት ቅናሽ ይጠመቁ! ታቦቱ ወደ መንበሩ ሳይመለስ ይፍጠኑ! ለውድ ደንበኞቻችን ብቻ! ዋጋ በውስጥ መስመር።»

ከዚህ ውስጥ ምኑ እንደሚሸት ለማየት አንድ በአንድ መፍታት ይሻላል፤ አንዳንዱ ስሕተት የቃል ነው፣ አንዳንዱ የሒሳብ፣ ትልቁ ግን የጊዜ ነው።

የቃሉን እናስቀድም። «በቅናሽ ይጠመቁ» ያለው ሰው ክፋት አላሰበም፤ ቃል መጫወቱ ነው። ጥምቀት ግን ለሚያምነው ሰው ምሥጢር ነው፣ የልጁ ክርስትና ያነሣበት ቃል ነው። ያንን ግስ አንሥቶ በክፍል ኪራይ ላይ ማሰር ቀልድ አይሆንም። «ታቦቱ ሳይመለስ ይፍጠኑ» ደግሞ ይብሳል፤ ታቦት የሚሸኘው በእርጋታ፣ በዝማሬ፣ ምንጣፍ እየተነጠፈ ነው። የችኮላ ማስታወቂያ ሰዓት መቁጠሪያ አድርጎ ታቦቱን ማቆም አንባቢው ባይናገረውም ያስከፋዋል። ለመለየት የምንጠቀምበት መንገድ ቀላል ነው፦ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሚነገር ቃል (መጠመቅ፣ መባረክ፣ መነሣት፣ ታቦት፣ ጸበል) ከብር ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ከገባ ይወጣል። ከብሩ ርቆ፣ በመልካም ምኞቱ ክፍል ውስጥ ካለ ይቆያል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ከዚህ የተለየ ነው። እሱ ድሮም ስለ ልብስ የተባለ የሕዝብ ተረት ስለሆነ የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጥ ሱቅ ቢጽፈው የሚከፋው የለም። ችግሩ ፍሪጅ ሻጩም፣ ሲሚንቶ አከፋፋዩም መጻፉ ነው። ማረፊያ ቤት ባይጽፈው ይሻለዋል።

«ውድ ደንበኞቻችን» የሚለውንም በነካ እጃችን እንንካው። ብቻውን ሲቆም ክብር ነው። ዋጋ አጠገቡ ሲመጣ ግን «ውድ» ሌላውን ትርጉሙን ይዞ ብቅ ይላል፤ አስተያየት መስጫው ስር «ውድነቱንስ አየነው» የሚል ሰው አይጠፋም። «ደንበኞቻችን» ይበቃል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ለምሳሌ ያህል ማረፊያው 18 ክፍል አለው፣ የዘወትር ዋጋው በሌሊት 2,400 ብር ነው እንበል። ለጥምቀት ሰሞን ባለቤቱ ወደ 3,400 ያወጣውና ከዚያ ላይ 30 ፐርሰንት ይቀንሳል። ከ3,400 ላይ 30 ፐርሰንት 1,020 ነው፤ የሚቀረው 2,380 ብር። እንግዳው በእውነት ያተረፈው 20 ብር ነው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ምንም ምርመራ አያስፈልግም። የቴሌግራም ቻናሉን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ የኅዳርን ፖስት ያየዋል፣ 2,400 የሚለውን ስክሪንሾት አንሥቶ ከስር ይለጥፋል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ከአዋጁ በፊት የሚደርሰው ቅጣት ግን ያ ስክሪንሾት ነው።

ስለዚህ «ቅናሽ» የሚለው ቃል የሚጻፈው ካለፈው ወር ዋጋ ላይ ሲቀነስ ብቻ ነው። ዋጋውን ሳይጨምር የቆየ ሰው «ዋጋችን አልጨመረም» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ባሕር ዳር ውስጥ በጥምቀት ሰሞን ይህ ራሱ ወሬ ነው፣ ከ30 ፐርሰንትም ይልቅ ይታመናል። ባለቤቱ ግን ምን እየተወ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። 18 ክፍል ለሁለት ሌሊት ቢሞላና በየሌሊቱ 1,000 ብር ቢተው 36,000 ብር ነው። ይህን ሳይነግሩት ጽሑፉን ያወጡ እንደሆነ፣ ጥር 9 ቀን ስልክ አንሥቶ ለደወለ እንግዳ «እሱ እንኳ ተቀይሯል» ይላል፤ ያኔ ጽሑፉ ውሸት ሆነ። ዋጋ መጨመር የፈለገ ይጨምር፣ መብቱ ነው፤ ያኔ ግን መልካም ምኞቱን ብቻውን ያውጣ። ያለ ስጦታ እንኳን አደረሳችሁ ማለት ነውር የለበትም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፣ ጊዜው ላይ። የጥምቀት ዕለት በሚለጠፍ መልካም ምኞት ውስጥ የክፍል ቅናሽ ምን ይሠራል? ከሌላ ከተማ የሚመጣ ሰው መንገዱንም ማደሪያውንም ከሳምንት በፊት ወስኗል። ያን ቀን ጽሑፉን የሚያነበው ወይ ከተማው ውስጥ አድሯል፣ ወይ አልመጣም። ለመጣውም ለቀረውም የክፍል ቅናሹ አይጠቅመውም። አንባቢው «በዓሉን ለገበያ አዋሉት» የሚለው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ ቃሉ ጨዋ ቢሆን እንኳ የማይጠቅመውን ነገር በበዓሉ ቀን ስለነገሩት ነው።

መፍትሔው ሁለት ጽሑፍ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ከጥር 1 እስከ 3 ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ማስታወቂያ ነው፣ ማስታወቂያ መሆኑንም አይደብቅም፤ እንኳን አደረሳችሁ የሚባልበት ጊዜ ገና ስለሆነ አይባልበትም። ሁለተኛው ጥር 10 ይወጣል፤ መልካም ምኞት ነው፣ ከስሩም በዚያ ቀን ለሚያነበው ሰው አሁንም የሚጠቅም አንድ ነገር ብቻ ይገባበታል።

በመጀመሪያው ውስጥ ምን እንደሚገባ ለመወሰን የእንግዳውን ሦስት ቀን መከተል ነው። ጥር 10 ከተራ ነው፣ ገሃድም ስለሆነ ይጾማል። ስለዚህ ያን ቀን «ልዩ የበዓል ክትፎ» ብሎ መለጠፍ ደንበኛን ብቻ ሳይሆን አብሳዩንም ያሳፍራል። ጥር 11 ደግሞ ሰው ገና ሳይነጋ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወጣል፤ አስቀድሶ፣ ጸበሉ ተረጭቶ፣ ታቦት ሸኝቶ ሲመለስ ቀኑ ረፍዷል። ቁርስ ዘወትር 4 ሰዓት ላይ የሚነሣ ከሆነ ይህ እንግዳ የከፈለበትን ቁርስ አያገኘውም። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦትም የሚመለሰው ያን ቀን ነው፤ ክፍል መልቀቂያው 6 ሰዓት ከሆነ እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ታቦት ሊሸኝ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ስጦታ ከገንዘብ ቅናሽ ይልቅ የሰዓት ነው። ቁርስን እስከ 7 ሰዓት ማቆየት አንድ አብሳይና አንድ አስተናጋጅ ለሦስት ሰዓት ይጠይቃል። መልቀቂያውን ጥር 12 ወደ 10 ሰዓት መግፋት ምንም አያስወጣም ማለት ይቻላል፤ በዓሉ እያለቀ ስለሆነ ያን ቀን የሚገባ እንግዳ ጥቂት ነው። (የሚገባ ካለ ክፍሎቹን ቆጥሮ ለእሱ የሚሆኑትን መለየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ አዲሱ እንግዳ 8 ሰዓት ላይ መጥቶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል።) ጽሑፉም እንዲህ ይሆናል፦

«ለጥምቀት ሰሞን ዋጋችን አልጨመረም። ከጥር 9 እስከ 12 ለማደር ባለ አንድ አልጋ ክፍል እንደ ወትሮው 2,400 ብር ነው፣ ቁርስ ጨምሮ። ጥር 10 ሙሉ ቀን የጾም ምግብ ብቻ እናዘጋጃለን። ጥር 11 ቁርስ እስከ 7 ሰዓት ይቆያል። ጥር 12 ክፍል የምትለቁት 10 ሰዓት ነው። ያሉን 18 ክፍሎች ናቸው፤ ሲሞሉ እዚሁ ላይ እንጽፋለን።»

አንድም የበዓል ቅጽል የለበትም፤ ግን በዓሉን የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ከየመስመሩ ይታወቃል። ዋጋው በግልጽ መጻፉም ልብ ይባል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ሰውን ያደክማል፣ ለእያንዳንዱ ጠያቂ የተለያየ ዋጋ ይነገራል የሚል ጥርጣሬም ያመጣል።

ሁለተኛው ጽሑፍ ላይ የቀረው ጥያቄ ጥር 10 ለሚያነብ ሰው ምን ይጠቅመዋል የሚለው ነው። እንግዳው ከተማ ውስጥ አለ፣ ለሁለት ቀን በዓል ላይ ነው። ነጻ የሚሆነው ጥር 13 ነው። ሐይቅ ዳር ላለ ማረፊያ ያኔ የሚስማማው የጀልባ ጉዞ ነው፣ ለምሳሌ ወደ ዘጌ። እንደገና ሒሳብ፦ 10 ሰው የምትይዝ ጀልባ ለግማሽ ቀን በ5,000 ብር የምትከራይ ከሆነ በሰው 500 ይደርሳል። ማረፊያው ላደረ እንግዳ 400 ብር ቢደረግ፣ ጀልባዋ ከሞላች ባለቤቱ የሚሸፍነው 1,000 ብር ነው። አምስት ሰው ብቻ ከመጣ ግን የሚገባው 2,000 ሆኖ 3,000 ከኪስ ይወጣል። ስለዚህ ስንት ሰው ሲሞላ እንደሚነሣ፣ ካልሞላ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ይወሰናል። እኛ የምንመክረው «ካልሞላ እንሰርዛለን» እንዳይባል ነው፤ ሰው አንድ ቀን ጨምሮ ያደረው ለዚያ ጉዞ ሊሆን ይችላል። 3,000 ብሩን መሸከም የማይችል ቤት በዓሉ ላይ ቃል ባይገባ ይሻላል።

የጥምቀትን 2019 እንደ ምሳሌ ብንወስድ ጥር 10 ሰኞ፣ ጥር 11 ማክሰኞ፣ ጥር 13 ሐሙስ ይውላል። ሐሙስ መሆኑ ለምሳ ዝርዝሩ ይጠቅማል፤ ጥር 13 ረቡዕ ወይም ዓርብ በሚውልበት ዓመት ግን ጀልባው ላይ የሚታደለው ሳንድዊች ምን እንዳለበት ቀድሞ መታየት አለበት። ጽሑፉ እነሆ፦

«እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ።
በከተራ ሌሊት ሐይቁ ዳር ይበርዳል፤ ጋቢ ያዙ፣ ልጆችንም ደራርቡላቸው። ታቦት ስትሸኙ ለአረጋውያን መንገድ ልቀቁ።
መልካም በዓል።

ከበዓሉ በኋላ ለምትቆዩ፦
ሐሙስ ጥር 13 ጠዋት 2 ሰዓት ጀልባችን ወደ ዘጌ ይነሣል፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ይመለሳል። እኛ ዘንድ ያደረ እንግዳ ለደርሶ መልስ 400 ብር ይከፍላል፤ የወትሮው 500 ነው። ቦታው ለ10 ሰው ነው፣ ለእያንዳንዱ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለ። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻ ይከፈላል። ረቡዕ እስከ ማታ 12 ሰዓት ደውላችሁ ተመዝገቡ።»

ይህን ለመፈተን ስልኩ ላይ ከፍቶ የታችኛውን ክፍል በእጅ መሸፈን ነው። የላይኛው ብቻውን ሙሉ መልካም ምኞት ሆኖ ከቆመ ደህና ነው። ከዚያ ላይኛውን መሸፈን፤ የታችኛው ያለ በዓሉ ስም ሙሉ መረጃ ከሰጠ እሱም ደህና ነው። «ይህን ታላቅ በዓል ምክንያት በማድረግ» የሚለው የተለመደ ማያያዣ ካለ ፈተናውን አያልፍም፤ ሁለቱን ክፍሎች የሚሰፋቸው ክር እሱ ነው። በመካከላቸው ያለው ባዶ መስመር ለዐይን ማረፊያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከተማው ሐዘን ላይ ቢወድቅ፣ መንገድ ቢዘጋ ወይም ጉዞው የማይሆን ቢሆን፣ ከመስመሩ በታች ያለውን ቆርጦ ላይኛውን ማስቀረት ይቻላል። በተሰፋ ጽሑፍ ላይ ግን ቅናሹን ስታወጡ መልካም ምኞቱ ይቀደዳል።

ሰላምታው ራሱ ላይ ጥቂት እንቆይ። «አደረሳችሁ» ወይስ «አደረሰን»? ሰው ለሰው ሲል «እንኳን አብሮ አደረሰን» ያምራል። ድርጅት ግን የተለያየ እምነት ያላቸው ሠራተኞችም ደንበኞችም አሉት፤ «አደረሳችሁ» ለሚያከብረው ያለ ማጭበርበር ይደርሰዋል። «ለመላው የክርስትና እምነት ተከታዮች» ብሎ መጨመርም ይቻላል፣ ግዴታ ግን አይደለም፤ ብርሃነ ጥምቀቱ ካለ ለማን እንደተባለ ግልጽ ነው። ሌላው ችግር የአጠራር መዝለል ነው። ከላይ «አደረሳችሁ» ብሎ ጀምሮ ከታች «ይደውሉ፣ ይመዝገቡ» ማለት በብዙ ጽሑፍ ላይ ይታያል። እናንተ ካልን እስከ መጨረሻው እናንተ ነው። አንቱታው የሚመጣው ለአንድ ሰው ስንመልስ ነው፤ አስተያየት መስጫው ላይ አንዲት እናት ቢጠይቁ «አሜን፣ አብሮ ያድርሰን እማማ፤ አዎ፣ ቦታ አለ፣ ስንት ሰው ሆነው ነው?» ይባላል። መጀመሪያ አሜን፣ ከዚያ የጀልባው ነገር። መልካም ምኞት ለጻፈልን ሰው ስልክ ቁጥር ብቻ መለጠፍ ከዚያ በላይ የተደከመበትን ሁሉ ያበላሻል።

ጋቢ ያዙ የሚለው መስመር ለምን እንደገባ የሚጠይቁ ባለቤቶች አሉ፤ «ጥምቀት የፍቅርና የአንድነት በዓል ነው» ቢባል ይመርጣሉ። እሱን ግን ባንክም፣ ኢንሹራንስም፣ የውኃ ፋብሪካም ጽፎታል። የጥር ሌሊት ጣና ዳር እንደሚበርድ የሚጽፍ ግን እዚያው ያደረ ሰው ነው። አንድ እንዲህ ዓይነት መስመር ይበቃል፤ ሦስት ከሆነ ግጥም መሆን ይጀምራል።

ፎቶው ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስሕተት አስቂኝ ነው፤ የባሕር ዳር ማረፊያ የጎንደሩን የፋሲል መዋኛ ለጥፎ እንኳን አደረሳችሁ ይላል። የጎንደር ሰው ያውቀዋል፣ የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ያውቀዋል። ታቦት በያዙ ካህናት ፎቶ ጥግ ላይ የድርጅቱን ዓርማ ወይም «400 ብር» የሚል ክብ ማሳተምም አይገባም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ የሚመቸው ከማረፊያው ሰገነት የተነሣ የማለዳ ሐይቅ ነው፤ ምንም ያልተጻፈበት። የደንገል ታንኳ ፎቶም ያምራል፣ ግን ከስሩ የሞተር ጀልባ ጉዞ ካለ እንግዳው በታንኳ የሚሄድ ይመስለውና ጠዋት ወደቡ ላይ ይጨቃጨቃል።

የጀልባው ክፍል ውስጥ «የገዳማቱ መግቢያ ለብቻ» የምትለዋ ሐረግ ካልገባች ቅናሹ በሙሉ ቅሬታ ይሆናል፤ ሰው 400 ብር ብሎ ወጥቶ በየገዳሙ በር ላይ ሲጨምር ተታለልኩ ይላል። ጉዞው ዘጌን ትቶ ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ከሆነ ሴቶች እንደማይገቡ በጽሑፉ ውስጥ መነገር አለበት፤ ከነባለቤቱ የመጣ እንግዳ ይህን ደሴቱ ላይ ሲደርስ ሊሰማ አይገባም። በዘጌ ያሉት እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ያሉት ለሁሉም ክፍት ስለሆኑ ለበዓል እንግዳ የሚቀሉት እነሱ ናቸው። መመለሻው 6 ሰዓት ተኩል የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ንፋስ ይነሣል፣ ሞገዱም ያስቸግራል።

ጽሑፉን ቀድሞ ለማስያዝ ስትነሡ ሁለት ወጥመድ አለ። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ተጭኖ በመያዝ የሚመጣው «Schedule Message» የሚቆጥረው በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው። ጥር 11 ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል። ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ግን 20 ነው፤ በ2012 እና በ2016 እንዲያ ነበር፣ በ2020ም እንዲያ ይሆናል። አምና የተቀመጠውን ቀን ዘንድሮ የሚገለብጥ ሰው በዚያ ዓመት ከተራውን አንድ ቀን ያስቀድመዋል። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፦ ጠዋት 12 ሰዓት ለማለት 12:00 AM የሞላ ሰው መልካም ምኞቱን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ያወጣዋል፤ መሞላት የነበረበት 6:00 AM ነው። ለዚህ ጽሑፍ እኛ የምንመርጠው ጥር 10 ጠዋት 3 ሰዓትን ነው፣ ማለትም 9:00 AM። ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ሲወጡ ሰው ስልኩን ይዞ ቢቀርጽ እንጂ አያነብም። ስለ ቀኑ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ጽሑፉ ውስጥ «ነገ» እና «ዛሬ» አይግቡ። ብዙ ሰው የሚያየው በማግስቱ ነውና «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት» የሚል ቃል ሰውን ወደተሳሳተ ቀን ይመራዋል። ሐሙስ ጥር 13 ብሎ መጻፍ አያስቸግርም።

ቴሌግራም ከፎቶ ስር የሚፈቅደው 1,024 ፊደል ነው፤ ከላይ ያለው ጽሑፍ ከግማሹ በታች ስለሚይዝ ችግር የለውም። ፌስቡክ ግን ረዘም ያለውን አጥፎ «See more» ይልበታል። ስለዚህ የሚቀድሙት መስመሮች መልካም ምኞቱ መሆናቸው ጥሩ ነው፤ የሚታጠፈው ቅናሹ ይሁን። የፈለገ ይከፍተዋል።

ዳታ በማይሠራባቸው ቀናት ሰው የሚደርሰው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። እዚያ ሒሳቡ ጠባብ ነው። በአማርኛ ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፣ ክፍተትና ነጥብ ጭምር፤ ከዚያ ካለፈ እየተከፋፈለ በየ67 ይቆጠራል፣ ክፍያውም በየክፍሉ ነው። «እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ። መልካም በዓል።» 38 ይወስዳል። የቀረው 32 የማረፊያውን ስም ይበቃል፣ የጀልባውን ነገር ግን አይበቃም። ይህ ጥበት ጥሩ ነገር ያስገድዳል፦ ጥር 10 መልካም ምኞቱ ብቻውን ይላካል፣ የጀልባው መልእክት ጥር 12 ጠዋት፣ ለዚያ ሌሊት ላደሩት እንግዶች ብቻ። ለስልክ ዝርዝሩ በሙሉ መላክ ገንዘብ ማባከን ነው፤ አዲስ አበባ ቤቱ ለተቀመጠ ሰው የሐሙስ ጀልባ ምን ያደርግለታል? ደግሞ የተላከ አጭር መልእክት አይታረምም። የቴሌግራሙን ፖስት ግን ማረም ይቻላል፤ ስለዚህ 10ኛው ሰው ሲመዘገብ የመጨረሻው መስመር ወዲያው «ቦታው ሞልቷል፣ እናመሰግናለን» ወደሚል ይቀየራል። ይህ ካልተደረገ ስልኩ ላይ ያለው ሠራተኛ የበዓል ቀኑን «ሞልቷል» ሲል ይውላል፣ ደዋዩም መጀመሪያውኑ ማጥመጃ ነበር ብሎ ያስባል።

የሌሎች በዓላት ነገር በአብዛኛው ከዚህ ይወጣል፤ ሁለቱን ብቻ ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል። ስቅለት ላይ ቅናሽ አይገባም፣ ከስርም ከላይም፤ ቀኑ የስግደትና የሐዘን ስለሆነ «እንኳን አደረሳችሁ» ራሱ እስከ ትንሣኤ ይጠብቃል። ዒድ አል ፈጥር ደግሞ በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን ቀድሞ ቀን ቆርጦ ማስያዝ አደገኛ ነው፤ ጽሑፉ ተዘጋጅቶ ይቆይና የጨረቃዋ ነገር ሲነገር በእጅ ይለቀቃል። ለጥምቀት ጋቢ ያዙ ያለ ቤት ለዒድ የተገለበጠ አንድ መስመር ብቻ ቢያወጣ የከተማው ሙስሊም ደንበኛ ልዩነቱን ያያል። ለምሳሌ ከሶላት የሚመለሱ ቤተሰቦች የሚቀመጡበትን የሐይቅ ዳር ጠረጴዛ ያለ ማዘዝ ግዴታ መልቀቅ ከዋጋ ቅናሹ የበለጠ የሚነገርለት ነገር ነው።

ጥር 13 ጀልባው ሲመለስ ከፖስቱ ላይ ከባዶው መስመር በታች ያለው ይሰረዛል። ከላይ ያለው ይቆያል፤ ከቻናሉ አናት ላይ ተሰክቶ (ፒን ተደርጎ) ከነበረ ግን ይነቀላል፤ የካቲት ላይ ቻናሉን የሚከፍት ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ያለፈ ጥምቀት እንዳይሆን።